ኤንቨሎፑን ሳታዩ ፍሪኩዌንሲውን አትመኑ

ሲግናሉን ለ`hilbert` እንሰጥና ከምናገኘው አናሊቲክ ሲግናል መጠኑን ኤንቨሎፕ፣ የፌዙን የለውጥ ፍጥነት በ2π አካፍለን ደግሞ የቅጽበት ፍሪኩዌንሲ እንለዋለን። በኤንቨሎፑ ጠብ የለኝም፤ ፍሪኩዌንሲው ግን ሳይመረመር ሪፖርት ላይ መግባት የለበትም ባይ ነኝ።

አምፕሊትዩዱ 1 የሆነ የ50 ሄርዝ ሞገድና አምፕሊትዩዱ 0.9 የሆነ የ60 ሄርዝ ሞገድ እንደምር። ኤንቨሎፑ በሰከንድ 10 ጊዜ ከ1.9 እስከ 0.1 ይወርድና ይመለሳል። ከፍ ሲል ፍሪኩዌንሲው 54.7 ገደማ ነው፤ ይሁን፣ ያስኬዳል። ዝቅ ሲል ግን (50 − 0.9×60)/0.1 = −40 ሄርዝ ይወጣል! እንዲህ ያለ ሞገድ መቼ ጨመርንና? ኮዱ አልተሳሳተም፤ ሁለት ሞገዶችን በአንድ ፌዝ ግለጽልን ስላልነው ነው። ስለዚህ አስቀድመን በባንድፓስ ፊልተር አንዱን እንለይ። ከዚያም ሁለቱን ግራፎች አንዱን ከሌላው በታች እንሳልና ኤንቨሎፑ ወደ ዜሮ የተጠጋበትን ቦታ ፍሪኩዌንሲ እንተወው።