የጎደለውን ፊደል አፑ አይሙላው

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ከቆሻሻ ቅርጫት የወጣ፣ የተጨማደደ የዌፈር መጠቅለያ ነው። ግማሹ ተቀዷል፣ ፎቶውም ብዥ ብሏል። ከስሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ይሄ ኦቾሎኒ አለው? ልጁ ጎረቤት ሄዶ ግማሹን በልቶታል።» የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት።

ያኔ ለራሴ የሠራኋት ትንሽ አፕ ነበረችኝ። የመጠቅለያ ፎቶ ትቀበላለች፣ ጽሑፉን በኦሲአር ታነባለች፣ ከዚያ በዳታቤዝ ውስጥ ካሉት ስሞች በጣም የሚመሳሰለውን ትመልሳለች። ፎቶውን ሰጠኋት። «የሀዘልነት ዌፈር፣ 94 በመቶ» አለችኝ። ሀዘልነት ኦቾሎኒ አይደለም። «አይዞሽ» ብዬ ልጽፍላት ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

ከመላኬ በፊት አፗ ያነበበችውን ጥሬ ጽሑፍ ከፈትኩ። የድርጅቱ ስም በትልቁ፣ ሙሉ በሙሉ ተነቧል። የምርቱን ዓይነት ከሚናገረው ቃል ግን የተነበበው `NUSS` የሚለው መጨረሻ ብቻ ነው። በጀርመንኛ ሀዘልነት «ሃዘልኑስ» ነው፣ ኦቾሎኒ ደግሞ «ኤርድኑስ»። ሁለቱም በዚያው በአራቱ ፊደላት ያልቃሉ። የተቀደደውን ክፍል የሞላችው አፗ ናት፤ የሞላችውም በዳታቤዙ ውስጥ የሀዘልነት ዌፈር ስለሚበዛ ነው። 94 በመቶው የመጣው በትልቁ ከተጻፈው የድርጅት ስም ነበር።

እህቴን «ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው» አልኳት። እነሱ መንገድ ላይ ሳሉ እኔ ወደ ፎቶው ተመለስኩ።

የዚህ ሥራ ወጥመድ ይህ ይመስለኛል። ፎቶ ሲደበዝዝ ተርፎ የሚነበበው ትልቁ ጽሑፍ ነው። ትልቁ ጽሑፍ ደግሞ ድርጅቱ ለሚያመርታቸው ምርቶች ሁሉ የጋራ ነው። አንዱን ጣዕም ከሌላው የሚለየው ትንሹ ጽሑፍ ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ በጽሑፍ መመሳሰል ብቻ የሚሠራ አፕ በጣም እርግጠኛ የሚሆነው ምንም በማይለየው ክፍል ላይ ነው።

መጠቅለያው ላይ ግን አንድን ምርት ከሌላው ለመለየት ተብሎ የታተመ ነገር አለ፦ ባርኮዱ። የተለመደው ባለ 13 አሃዝ ባርኮድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 95 እኩል ቀጫጭን ክፍሎች አሉት። በእኔ ፎቶ ላይ ስፋቱ 120 ፒክስል ያህል ነበር። ለአንድ ክፍል የሚደርሰው ከአንድ ፒክስል ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ በዚህ ላይ ብዥታው ሲጨመር ስካነር መስመሮቹን መለየት አይችልም። ከመስመሮቹ በታች የታተሙት ቁጥሮች ግን እያንዳንዳቸው የሰባት ክፍል ያህል ቦታ ይይዛሉ፤ ዘጠኝ ፒክስል ገደማ ማለት ነው። መስመሩ ጠፍቶም ቁጥሩ በዓይን ሊነበብ ይችላል። ፎቶውን አጉልቼ 11ዱን አነበብኩ፣ ሁለቱ እጥፋት ውስጥ ገብተዋል።

የጎደለ ቁጥር እንደ ጎደለ ፊደል አይደለም፤ በሒሳብ ይጠበባል። የመጨረሻው አሃዝ መቆጣጠሪያ ነው። ከግራ ጀምሮ አሃዞቹን ተራ በተራ በ1 እና በ3 አባዝታችሁ ስትደምሩ ውጤቱ በ10 መካፈል አለበት። የዚያን ዌፈር ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኘውን የ400 ግራም ኑቴላ እንውሰድ፦ 3017620422003። ድምሩ 60 ይመጣል። አንድ አሃዝ ብትሸፍኑ የሚመለሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አሥረኛውን ብትሸፍኑ የቀሩት 54 ይሆናሉ፤ በ3 ተባዝቶ 60 የሚያደርሰው 2 ብቻ ነው። ሁለት አሃዝ ሲጠፋ ደግሞ ከመቶው አማራጭ የሚቀረው አሥር ነው።

```python
def candidates(code):
    n, out = code.count("?"), []
    for i in range(10 ** n):
        c = code
        for d in str(i).zfill(n):
            c = c.replace("?", d, 1)
        s = sum(int(x) * (3 if k % 2 else 1)
                for k, x in enumerate(c))
        if s % 10 == 0:
            out.append(c)
    return out

print(candidates("301762042??03"))
```

አሥሩን አንድ በአንድ በኦፕን ፉድ ፋክትስ መፈለግ ይቻላል። ይህ በ2012 የተጀመረ፣ ማንም የሚጠቀምበት የምግብ ዳታቤዝ ነው፤ አድራሻው እንዲህ ይጻፋል፦

```
https://world.openfoodfacts.org/api/v2/product/3017620422003.json
```

ከእኔ አሥር ቁጥሮች መካከል እዚያ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር። የድርጅቱ ስም መጠቅለያው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ምርቱ የኦቾሎኒ ዌፈር ነው። ለእህቴ ስደውልላት ልጁ ከንፈሩ አብጦ፣ ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጥተውት ነበር። ማታውን ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ «አይዞሽ» ብዬ ብሆን ኖሮ እብጠቱ የሚመጣው ቤት ቁጭ ብለው ሳሉ ነበር።

ባርኮድም ቢሆን ገደብ አለው። መቆጣጠሪያው አሃዝ አንድ የተሳሳተ ቁጥርን ሁልጊዜ ይይዛል። ሁለት ቁጥር ከተሳሳተ ግን፣ ለምሳሌ ሁለት ቦታ ያለውን 3 ሁለቱንም 8 ብላችሁ ካነበባችሁ፣ ስህተቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሚያጠራጥርን አሃዝ ከመገመት `?` ማድረግ ይሻላል። የተገኘውም ምርት ፎቶው ላይ ከሚነበበው ሌላ ነገር፣ ከድርጅት ስም ወይም ከግራሙ፣ ጋር መግጠም አለበት። የዳታቤዙን መረጃ የሚያስገቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የንጥረ ነገሩ ዝርዝር ከዓመታት በፊት የተመዘገበ ሊሆን ይችላል፣ አምራቹ ደግሞ አሠራሩን ይለውጣል። ስለዚህ «ኦቾሎኒ አለው» የሚለውን መልስ ለመጠንቀቅ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ «የለውም» የሚለውን ግን ከመጠቅለያው ዝርዝር ውጭ ከየትም አትቀበሉ።

ከዚያ በኋላ አፗን ቀየርኳት። ያነበበቻቸውን ፊደላት በጥቁር ታሳያለች፣ ያላነበበቻቸውን ባዶ ትተዋለች፤ ከመዝገበ ቃላት አትሞላም። መቶኛም አታሳይም። መልሷ ከሦስት አንዱ ነው፦ አንድ ምርት፣ የአማራጮች ዝርዝር፣ ወይም «አላወቅሁትም፤ ባርኮዱን አስተካክለህ ድጋሚ አንሳ»። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ስለሚያሳንሰው፣ እንደ ፋይል እንዲላክም ትጠይቃለች።

እንዲህ ዓይነት አፕ የምትሠሩ ወጣቶች ተጠቃሚው «አላወቅሁትም» ሲባል ይሰላቻል ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። ይሰላቻል፣ እውነት ነው። እህቴ ግን ያን ቀን በስልኩ ወዲያ ሆና የምትጠብቀው መልስ ከእኔ ነበር፤ እኔም ልነግራት የነበረው አፗ ራሷ የፈጠረቻቸውን አምስት ፊደላት ነው።