የገንዘብ ማስተላለፊያ ኩባንያው ባለቤት ማን ነው? የኢንቨስትመንት ዙሮች የሚናገሩትና የማይናገሩት

ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ ብዙዎች ወርልድሬሚት የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ያውቁታል። ኩባንያውን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2010 ለንደን ውስጥ የመሠረቱት የሶማሊላንድ ተወላጁ እስማኤል አህመድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዛሬ ግን ኩባንያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በአንድ ስም አይመለስም። በመሥራቾቹና በደንበኞቹ መካከል ከአሥር ዓመት በላይ በየተራ ገንዘብ ያስገቡ የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች ገብተዋል። የአገልግሎት ክፍያው ምን ያህል ይሁን፣ ኩባንያው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ በሚሉት ውሳኔዎች ላይ ድምፅ ያላቸውም እነርሱ ናቸው።

የእነዚህ ድርጅቶች አገባብ በአደባባይ የተነገረ ነው። በ2014 አክሰል የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት በመራው ዙር ኩባንያው 40 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ቲሲቪ የመራው 100 ሚሊዮን ዶላር ተከተለ። በ2017 ሊፕፍሮግ የተባለው በታዳጊ አገሮች ላይ የሚያተኩር ድርጅት የ40 ሚሊዮን ዶላር ዙር መራ፤ በ2019 ሦስቱ ተባብረው 175 ሚሊዮን ዶላር አስገቡ። በ2021 ደግሞ የወርልድሬሚት እናት ድርጅት ዜፕዝ የሚለውን ስም ሲይዝ፣ ፋራሎን ካፒታል በመራው ዙር 292 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። የኩባንያው ዋጋም 5 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገመተ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲነበብ «መሪ ኢንቨስተር» የሚለው ቃል በቀላሉ ያሳስታል። መሪው በዚያ ዙር የአክሲዮኑን ዋጋና የውሉን ሁኔታ ከኩባንያው ጋር የሚደራደር፣ ብዙውን ጊዜም ከዙሩ ትልቁን ድርሻ የሚከፍል ነው። ሌሎቹ እርሱ ባስማማው ዋጋ ይገባሉ። ስለዚህ መሪነት የአንድ ዙር ማዕረግ እንጂ የኩባንያው ባለቤትነት አይደለም።

የ2021ን ዙር በስሌት ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 5 ቢሊዮኑ አዲሱን ገንዘብ ጨምሮ ከተሰላ፣ 292 ሚሊዮን ዶላር የሚገዛው 5.8 በመቶ ያህል ነው። አዲሱን ገንዘብ ሳይጨምር ከሆነ ደግሞ 5.5 በመቶ ይሆናል። በዙሩ አክሰል፣ ቲሲቪና ሊፕፍሮግም ስለተሳተፉ የፋራሎን ድርሻ ከዚህም ያነሰ ነው። በርዕሱ ላይ ስሙ የገነነው ድርጅት በዚያ ዙር ያገኘው ከአሥራ ሰባት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ገንዘቡ ብቻ ተነግሮ የኩባንያው የዋጋ ግምት ካልተገለጸ ደግሞ ይህን ስሌት መሥራት አይቻልም።

ይልቁንስ የሚመዝነው በዙሮቹ ውስጥ የሚደጋገመው ስም ነው። በእያንዳንዱ ዙር አዲስ አክሲዮን ስለሚታተም የቀደሙት ባለአክሲዮኖች ድርሻ ይሳሳል። ለምሳሌ ያህል፣ በመጀመሪያው ዙር 20 በመቶ የያዘ ባለሀብት ከዚያ በኋላ ምንም ሳይጨምር እያንዳንዳቸው 15 በመቶ የሚሸጥባቸው ሦስት ዙሮች ቢያልፉ፣ የሚቀረው 12 በመቶ ገደማ ነው። መሥራቾችና ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ይሳሳሉ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን ድርሻቸውን ለመጠበቅ በየዙሩ እንደገና ይገዛሉ። አክሰልና ቲሲቪ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው መመለሳቸው ከአንድ ጊዜ መሪነት የበለጠ ስለ ባለቤትነቱ የሚናገረው ለዚህ ነው።

ከዙሮቹ ውጭ የሚገባ ባለቤትም አለ። ወርልድሬሚት ተፎካካሪውን ሴንድዌቭን እንደሚገዛ በ2020 ሲያስታውቅ፣ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተባለው ዋጋ ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ በአክሲዮን የሚከፈል ነበር። በአክሲዮን የተከፈላቸው የሴንድዌቭ የቀድሞ ባለድርሻዎች ምንም ዙር ሳይታወጅ የአዲሱ ቡድን ባለቤቶች ሆነዋል። የዙሮችን ዝርዝር ብቻ የደመረ ሰው እነዚህን አያያቸውም።

ታዲያ የዜና መግለጫዎችን በምን ማረጋገጥ ይቻላል? ለብሪታንያ ኩባንያዎች ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚያየው ካምፓኒስ ሃውስ የተባለ የመንግሥት መዝገብ አለ። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ በአንድ ወር ውስጥ SH01 የተባለውን ቅጽ ያስገባል። ቅጹ የአክሲዮኑን ብዛት፣ ዓይነትና ለእያንዳንዱ የተከፈለውን ዋጋ ያሳያል፤ የገዢውን ስም ግን አይጠቅስም። ስሞቹ የሚገኙት በየዓመቱ በሚቀርበው CS01 በተባለው ማረጋገጫ ውስጥ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ማን በየትኛው ዙር ስንት አክሲዮን እንደገዛ ሊደርስበት ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው ደንበኛው በሚያውቀው ኩባንያ ስም ላይ መቆም ነው። ያ ኩባንያ ሙሉ በሙሉ የሌላ ድርጅት ንብረት ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሀብቶቹ አክሲዮን የያዙበት የላይኛው እናት ድርጅት እስኪገኝ ድረስ ደረጃ በደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከ25 በመቶ በላይ አክሲዮን ወይም ድምፅ ያላቸውን የሚያሳየውን መዝገብ እንደ ሙሉ የባለቤቶች ዝርዝር መውሰድ ነው። አምስት ባለሀብቶች እያንዳንዳቸው 18 በመቶ ቢይዙ፣ ኩባንያውን አብረው ቢቆጣጠሩም በአክሲዮናቸው መጠን ብቻ አንዳቸውም እዚያ ላይ አይጻፉም። በአሜሪካ የሚታየው ከዚህም ያነሰ ነው። እዚያ ለገበያ ተቆጣጣሪው የሚቀርበው ፎርም ዲ የተሰበሰበውን ገንዘብና የቦርድ አባላትን ይዘረዝራል እንጂ የባለሀብቶቹን ስም አይጠይቅም። ቢሆንም ከዙሩ በኋላ በቦርዱ ላይ የታየ አዲስ ስም የየትኛው ድርጅት ባልደረባ እንደሆነ ሲጣራ መሪውን ይጠቁማል።

በመቶኛ የተገለጸ ድርሻም ቢሆን ሙሉውን አይናገርም። የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ኩባንያው ሲሸጥ ቅድሚያ የሚከፈልበትን አክሲዮን ነው። ባለሀብቶች በዚህ ዓይነት አክሲዮን 300 ሚሊዮን ዶላር ያስገቡበት ኩባንያ በ250 ሚሊዮን ቢሸጥና ገንዘባቸውን የማስመለስ ቅድሚያ ቢኖራቸው፣ ተራ አክሲዮን የያዙት መሥራቾችና ሠራተኞች በወረቀት ላይ ብዙ በመቶ እያላቸው ምንም ላያገኙ ይችላሉ። 5 ቢሊዮን የሚለው ግምት የሚገኘውም ሁሉንም አክሲዮኖች በመጨረሻው አክሲዮን ዋጋ በማባዛት በመሆኑ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። በብሪታንያ ቅድሚያው የሚጻፈው በዚያው መዝገብ ላይ በሚገኘው የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ፣ ከአክሰል ወይም ከሊፕፍሮግ ስም ጀርባም ሌላ ባለገንዘብ አለ። እነዚህ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚያስተዳድሩት የጡረታ ፈንዶችን፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችንና የመሳሰሉትን ገንዘብ ነው። በ2024 አክሰል በመራው የ267 ሚሊዮን ዶላር ዙር የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። የኮርፖሬሽኑ ገንዘብ የአባል መንግሥታት በመሆኑ፣ ተቋሙ በየኩባንያው ስለሚያደርገው ኢንቨስትመንት በይፋ ይገልጻል፤ ከግል ድርጅቶች የማይገኝ ማብራሪያ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ይገኛል። ከለንደን ወደ አዲስ አበባ በተላከ ገንዘብ ላይ የተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ በመጨረሻ የሚደርሰው ለእነዚህ ሁሉ ነው። ከመካከላቸው ማን አስቀድሞ እንደሚከፈለውና ማን እንደሚወስን የሚታወቀው ግን መተዳደሪያ ደንቡና የባለአክሲዮኖቹ ዝርዝር አብረው ሲነበቡ ነው።