የአንድ ቀን ቀብድ

የዛሬው ጥያቄ የመጣልን መርሳ ከምትኖር እኅታችን ነው። ባለቤቷ አሜሪካ ይሠራል። ሁለቱ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ በጋራ ያጠራቅማሉ። በቅርቡ ባለቤቷ ከዚሁ ገንዘብ ላይ እየቀነሰ በስልኩ «ኦፕሽን» መግዛት ጀምሯል። ጠዋት ተገዝቶ ማታ የሚያበቃ ዓይነት ነው። «ርካሽ ነው፤ ብከስርም የከፈልኳትን ብቻ ነው» ይላታል። እርሷ ደግሞ ይህ ነገር ንግድ ነው ወይስ ሎተሪ፣ አክሲዮን ከመግዛትስ በምን ይለያል ስትል ጠይቃናለች። ጥያቄው የብዙ ባለትዳሮች ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደድን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በአገራችን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለድርሻ ነው፤ ዋጋው ቢወርድ እንኳ ድርሻው በእጁ ይቆያል፤ ሊጠብቅም ይችላል። ኦፕሽን ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀብድ ነው፤ ግን እንደኛ ቀብድ አይደለም

አንድ ነጋዴ መርሳ ላይ ከሽንኩርት አምራች ጋር ተዋዋለ እንበል። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ 10 ኩንታል ሽንኩርት በኪሎ 50 ብር የመግዛት መብት እንዲኖረው 3,000 ብር ከፈለ። ዋጋው 60 ብር ቢደርስ በ50 ብር ገዝቶ በ60 ይሸጣል፤ 10,000 ብር ያገኛል፤ የከፈለው 3,000 ሲቀነስ 7,000 ብር ይተርፈዋል። ዋጋው 45 ብር ቢወርድ ደግሞ መብቱን ትቶት ይሄዳል፤ 3,000 ብሩም ይቀራል። እኛ የምናውቀው ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰባል። ይህኛው አይታሰብም። የተከፈለው ለመብቱ ብቻ ነው። ኦፕሽን ማለት ይህ ነው።

አሁን ይህ የውል ወረቀት በመካከሉ ለሌላ ሰው ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ገና ወር ሲቀረው ብዙ ነገር ሊለወጥ ይችላልና ገዢ አያጣም። ዝናብ ሊመጣ፣ መንገድ ሊዘጋ፣ በዓል ሊደርስ ይችላል። በመጨረሻው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። ሽንኩርቱ 49 ብር ከሆነ ወረቀቱ ባዶ ነው። 51 ብር ከሆነ 1,000 ብር ያወጣል። የሁለት ብር ልዩነት ከምንም ወደ አንድ ሺህ ይወስደዋል። ወር ሲቀረው ያው የሁለት ብር ልዩነት የወረቀቱን ዋጋ በመጠኑ ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው።

በዚያው ቀን የሚያበቃ ኦፕሽን ሙሉ ዕድሜውን የሚኖረው በዚህ የመጨረሻ ቀን ውስጥ ነው። ጠባዩ የሚለየውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በቁጥር እንየው

በአሜሪካ እጅግ ከሚሸጡት መካከል SPY በሚባለው ፈንድ ላይ የሚደረጉ ኦፕሽኖች ይገኛሉ። ፈንዱ 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ገበያው በሚከፈትበት በእያንዳንዱ ቀን የሚያበቃ ኦፕሽን አለው። ስልክ ላይ 0DTE ተብሎ የሚነበበው ይኸው ነው፤ «ሊያበቃ የቀረው ቀን ዜሮ» ማለት ነው። አንድ ኦፕሽን 100 ድርሻን ይወክላል።

ፈንዱ ጠዋት ሲከፈት 600 ዶላር ነው ብለን እንነሣ። ገበያው በተለመደው እርጋታው ላይ ከሆነ፣ በ600 ዶላር የመግዛት መብት የሚሰጠው የዚያው ቀን ኦፕሽን በስሌት 160 ዶላር ገደማ ይሆናል። ወር የሚቆየው ደግሞ 730 ዶላር ገደማ ነው። ወንድማችን «ርካሽ» ያለው ይህን 160 ዶላር ነው።

አሁን ፈንዱ ቀኑን ሙሉ ከ600 ንቅንቅ ሳይል ዋለ እንበል። የወሩ ኦፕሽን በዚያ ቀን የሚያጣው 18 ዶላር ገደማ ነው። የዕለቱ ግን እኩለ ቀን ሲያልፍ 113፣ ለመዝጊያው አንድ ሰዓት ሲቀር 63፣ አሥር ደቂቃ ሲቀር 26 ይሆናል፤ ሲዘጋም ዜሮ ነው። ማንም ሳይነካው ያልቃል። እንደ ሻማ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መንደዱ መፍጠኑ ነው። የ160 ዶላሩ ርካሽነትም በየቀኑ ሲደጋገም ሌላ መልክ ይይዛል፤ በወር 20 የሥራ ቀን ቢገዛ 3,200 ዶላር አወጣ ማለት ነው።

ለመዝጊያው አንድ ሰዓት ሲቀር ፈንዱ በሁለት ዶላር ብቻ ቢንቀሳቀስስ? ወደ 602 ቢወጣ የ63 ዶላሩ ኦፕሽን 208 ዶላር ይሆናል። ወደ 598 ቢወርድ 8 ዶላር ይቀረዋል። በዚያው የሁለት ዶላር ለውጥ የወሩ ኦፕሽን የሚያተርፈው ወይም የሚያጣው 100 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህም ከዋጋው አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ሦስት እጥፍ ማትረፍን የቀመሰ ሰው ጥበብ ያገኘ ይመስለዋል። ያየው ግን የደቂቃዎችን ጠባይ ነው።

ጀማሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው፣ ግምቱ ትክክል ሆኖም መክሰሩ ነው። ወንድማችን ዛሬ ገበያው ይወጣል ብሎ በ160 ዶላር ገዛ። ገበያውም እንዳለው ወጣ፤ 601 ላይ ዘጋ። ኦፕሽኑ 100 ዶላር አወጣ። 60 ዶላር ከሰረ። ለመክሰርም ለማትረፍም ያልሆነው መስመር 601.60 ነበርና። ወር የሚቆይ ኦፕሽን የያዘ ሰው ነገን ይጠብቃል፤ የዕለቱን የያዘ ሰው ነገ የለውም።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። የኒውዮርክ ገበያ ከጠዋቱ 3:30 እስከ ከቀኑ 10:00 ይሠራል፤ በኛ ሰዓት በበጋቸው ወራት ከቀኑ 10:30 እስከ ምሽቱ 5:00 መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች በሥራ ላይ ያሉባቸው ሰዓታት ናቸው። መኪና የሚነዳ ወይም መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ስልኩን የሚያየው ዕረፍት ሲወጣ ነው። በዚህ መካከል ዋጋው ግማሽ ሊሆን ይችላል። «እዚህ ዋጋ ሲደርስ ሽጥልኝ» የሚል ትእዛዝ አስቀድሞ ቢሰጥም፣ ዋጋው ዘልሎ ሲወርድ የሚሸጥለት ካሰበው እጅግ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በመዝጊያው ሰዓት ያለው ነው። የSPY ኦፕሽን ሲያበቃ አንድ ሳንቲም እንኳ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ባለቤቱ ካልከለከለ በቀር፣ መብቱ በራሱ ይፈጸማል። ይህ ማለት 100 ድርሻ በ600 ዶላር ይገዛለታል፤ 60,000 ዶላር ነው። ሒሳቡ ላይ ይህን ያህል ከሌለ አገናኙ ድርጅት ከመዘጋቱ በፊት ባገኘው ዋጋ ሊሸጥበት ይችላል። ሳይሸጥበት ካደረ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት የፈንዱ ዋጋ ወርዶ ቢገኝ ጉዳቱ የእርሱ ነው። እንግዲህ «የከፈልኳትን ብቻ ነው» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ከመዘጋቱ በፊት ከሸጠው ወይም ያለ ትርፍ ካበቃ ነው።

ቀብድ ተቀባይ መሆን

ከዚህ ሁሉ የከፋ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ጥቂት ጊዜ ከከሰረ በኋላ «ኦፕሽን ሁልጊዜ ሟሙቶ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምን እኔ ሻጩ አልሆንም?» ይላል። በሽንኩርቱ ምሳሌ ቀብድ ተቀባዩ አምራች መሆኑ ነው። ልዩነቱ አምራቹ ሽንኩርቱ በማሳው ላይ አለ፤ ይህ ሰው ግን በእጁ የለም። ዋጋው ቢወጣ በውድ ገዝቶ በርካሽ ማስረከብ ይኖርበታል።

ፈንዱ 600 ሲሆን ጠዋት በ603 የመግዛት መብት ለሌላ ሰው ሸጦ 50 ዶላር ተቀበለ እንበል። በብዙ ቀናት 50 ዶላሩ ይቀርለታል፤ ዘዴውም የሠራ ይመስላል። ፈንዱ አንድ ቀን 610 ላይ ቢዘጋ ግን 700 ዶላር ይከፍላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የአሥራ አራት ቀን ገቢው ሄደ።

ይህ ከ610 አያልፍም ብሎ ለሚያስብ ሰው ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2025፣ በቂ ምስክር ነው። በዚያ ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በአብዛኞቹ አገሮች ላይ የጣሉትን አዲስ ቀረጥ ለ90 ቀን ማቆማቸውን በማኅበራዊ መገናኛ ጻፉ። በኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር፤ ገበያው ሊዘጋ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቀረውም። የ500ዎቹ ኩባንያዎች መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ፤ ቀኑንም 9.5 በመቶ ጨምሮ ዘጋ። በ600 ዶላር ፈንድ ላይ ይህ 57 ዶላር ነው። በ603 የሸጠው ሰው 50 ዶላር ተቀብሎ 5,400 ዶላር በከፈለ ነበር። ረዘም ያለ ቀን የቀረው ውል የሸጠ ሰው ቢያንስ ዋጋው እስኪመለስ ሊጠብቅ ይችላል። የዕለቱን የሸጠ ግን ሒሳቡ በዚያው ምሽት ይዘጋል።

እኅታችን ምን ትመልከት?

ጥያቄሽ ንግድ ነው ወይስ ሎተሪ የሚል ነበር። ሎተሪ የቆረጠ ሰው ከቲኬቱ ዋጋ በላይ አይከስርም፤ የኦፕሽን ሻጭ ግን ይከስራል። ስለዚህ ባለቤትሽን ስትጠይቂው በመጀመሪያ «ትገዛለህ ወይስ ትሸጣለህ?» በይው። የሚሸጥ ከሆነ፣ የሚያስረክበውን ድርሻ ወይም ኪሳራውን የሚገድብ ሌላ ኦፕሽን በእጁ ይዞ እንደሆነ ጠይቂው።

ቀጥሎ የሒሳቡን ዝርዝር ከፍቶ ያሳይሽ። የዛሬው ትርፍ ብቻ ሳይሆን የሦስት ወሩ ዝርዝር ይሁን። በዚያ ላይ Expired የሚል ቃል በብዛት ከታየ፣ እያንዳንዱ መስመር ብዙውን ጊዜ ተከፍሎበት ባዶ የቀረ ቀብድ ነው። የገባውንና የወጣውን ሁለታችሁ በወረቀት ደምሩት፤ አንድ ቀን የተገኘው ሦስት እጥፍ ትርፍ ከዚያ ድምር ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

በመጨረሻም ገንዘቡ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። የቤት መሥሪያ ገንዘብ ለመጠበቅ ጊዜ ያለው ገንዘብ ነው፤ ዓመት ቢፈጅ ይጠብቃል። በዚያው ቀን የሚያበቃ ኦፕሽን ደግሞ ጊዜ የሌለው ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ባለቤትሽ መሞከሩን የማይተው ከሆነ፣ ሁሉም ቢጠፋ ቤቱን የማያዘገይ ልክ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የቤቱም ገንዘብ እርሱ በስልኩ በማይነካው ሌላ ሒሳብ ይቀመጥ።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ሰላም ሁኑ።