አክብሮት ሰዓት አይደብቅም

ለትልቅ ሰው በመልእክት ቀጠሮ ሲያዝ ሰዓት ቆርጦ መናገር ድፍረት ነው የሚል ልማድ አለን። በእንጅባራም በዳንግላም ለሽማግሌ ወይም ለመምህር የሚላከው መልእክት በረጅም ሰላምታ ይጀምርና «ሲመችዎት እናገኝዎታለን» ብሎ ያበቃል። ለጓደኛ ሲሆን «ነገ 3 ሰዓት ና» ይበቃል። ክፍፍሉ የተገላቢጦሽ ነው። «ሲመችዎት» ትሕትና ቢመስልም ሥራውን በትልቁ ሰው ላይ ይጥላል፤ ቀን ማሰብ፣ መልሶ መደወል፣ ሳይደውሉ ቢቀሩም መወቀስ የእሳቸው ዕዳ ይሆናል።

አማርኛ አክብሮቱን ያኖረው በግሱ ላይ ስለሆነ ሰዓቱን ማደብዘዝ አያስፈልግም። ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን ግሱ ራሱ የሚፈጥረውን ብዥታ ነው። «ቅዳሜ ይመጣሉ» የሚለው አንቱ የተባሉትን ተቀባይ ራሳቸውን፣ ብዙ ሰዎችን ወይም አንድ የተከበሩ ሌላ ሰውን ሊያመለክት ይችላል። ፊት ለፊት ሲሆን ዓይን ይለየዋል፤ መልእክቱን የልጅ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ግን ሽማግሌው እንግዳ ሊጠብቁ ይችላሉ። ጥር 23 የሚከበረው የእንጅባራው የፈረስ በዓል ሲቃረብ አንድ አባት ለምክክር ቢፈለጉ እንዲህ ይጻፍ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እርስዎ ጋ ብንመጣ ይመችዎታል? ካልተመቸ እሑድ በዚያው ሰዓት እንችላለን።» «ከጠዋቱ» የምትለዋ ቃል ጌጥ አይደለችም። ለመምህር «9:00» ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስልኩን በውጭ አቆጣጠር ለለመደ ሰው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ መካከሉ ስድስት ሰዓት ነው!

ለታላቅ ሰዓት መወሰን ማዘዝ ነው የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ግን ትእዛዝ የሚሆነው ሰዓቱ ሳይሆን «ይምጡ» የሚለው ግስ ነው። ያው ሰዓት በጥያቄ ሲቀርብና ሌላ አማራጭ ሲከተለው ሽማግሌው «አይሆንም» ለማለት ቀላል ይሆንላቸዋል። በደፈናው «ሲመችዎት» ሲባሉ እምቢ የሚሉት ነገር እንኳ የላቸውም። አፉን በአውኛ ለፈታ ወጣትም ቢሆን ረጅሙን የደብዳቤ ሰላምታ ከመሸምደድ አንድ ግስ በትክክል ማክበር ይቀላል።

የሥራ ባልደረባ ላይ ደግሞ ሌላ ማምለጫ አለ፤ አንተ ይባል አንቱ ለመወሰን የተቸገረ «ነገ 4 ሰዓት ስብሰባ አለ» ብሎ ይጽፋል። ለቡድን መልእክት ያስኬዳል። ለአንድ ሰው ሲላክ ግን ተቀባዩ ሊመጣ ይሁን ሊያውቅ ብቻ አይገባውም። በዕድሜ የሚበልጥ ባልደረባ እስኪፈቅድ ድረስ «እርስዎ» ማለት የሚያሳጣው ነገር የለም፤ ለእኩያው «ትመጣለህ?» ወይም «ትመጪያለሽ?» ይበቃል። መልእክት የማያነቡ ሽማግሌ ከሆኑ ግን ቀጠሮው በስልክ ይያዝ፤ ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ለቤተሰቡ ማስታወሻ ሆኖ ይሂድ።