የተሳፋሪ ዋጋና የሚኒባስ መድን፦ ከላሊበላ እስከ ጋሸና

በገና ሰሞን ከላሊበላ ወደ ጋሸና በሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ሁሉ ከመናኸሪያ ስምሪት የተሰጣቸው አይደሉም። የተሳላሚው ቁጥር መደበኛዎቹ ታክሲዎች ከሚችሉት በላይ ሲሆን የሆቴል ሠራተኞችን የሚያመላልሱ፣ እንግዳ ከአየር ማረፊያ የሚያመጡ፣ አልፎ አልፎም በግል ሰሌዳ የሚንቀሳቀሱ ሚኒባሶች ሰው ይጭናሉ። ባለቤቶቹ በአብዛኛው መድን አላቸው፤ ብዙዎቹም «ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» ይላሉ። ነገር ግን ረዳቱ ከተሳፋሪው እጅ ዋጋ በተቀበለበት ቅጽበት ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ የባለቤቱ ኃላፊነት መልኩን ይለውጣል፣ ያንን ኃላፊነት እንዲሸከምለት የገዛው ውልም ሊያፈገፍግ ይችላል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህ ግን በመንገድ ዳር ለቆመው ሰው እንጂ ከፍሎ ለተሳፈረው አይደለም። ቁጥር 2089 በባለቤቱና በተጎጂው መካከል ውል ሲኖር ይህ ድንጋጌ እንደማይሠራ ይናገራል። ዋጋ የከፈለ ተሳፋሪ የማጓጓዝ ውል ስላለው ጥያቄው ወደ ንግድ ሕጉ ይሻገራል። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የቀድሞውን የንግድ ሕግ ብዙ ክፍል ቢተካም ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን የሚናገረውን ክፍል እንደነበረ ትቶታል። በዚያም በቁጥር 597 የአጓጓዡ ኃላፊነት ለአንድ ተሳፋሪ ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ገንዘቡ በ1952 ዓ.ም. ታላቅ ሀብት ነበር። የ2005ቱ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለሞት ካሳ ያስቀመጠው የመጨረሻ ጣሪያም ያው 40,000 ብር መሆኑ ያስገርማል።

ባለቤቱ በዚህ ጣሪያ ሊጽናና አይገባም። ቁጥር 599 አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ በሠራው ሥራ ጉዳት ከደረሰ ጣሪያውን ያነሣዋል። የላስታ ቁልቁለት ፍሬኑ እንደተዳከመ እያወቀ፣ ወይም ከወንበሩ በላይ ጭኖ ለሚወርድ ሾፌር ይህን ክርክር ለተጎጂው ወገን ጠበቃ ቀላል ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመድን ውሉ ነው። በእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ፖሊሲ ሠንጠረዥ ላይ ስለ አጠቃቀም የምትናገር አጭር መስመር አለች። በግል ሰሌዳ ለተመዘገበ ሚኒባስ ይህች መስመር አብዛኛውን ጊዜ ተሽከርካሪው ለግል ጉዳይ እንደሚውል ትገልጽና ለኪራይ ወይም ለዋጋ ሰው ማጓጓዝን ከሽፋኑ ታስወጣለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ጋሸና የሚመላለስና በሳምንት አንዴ ቤተ ሰብ የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ እኩል ሥጋት የላቸውም፤ አረቦኑም የተሰላው በሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለቤት ሾፌሩን ጨምሮ 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ በባንክ ብድር ገዝቶ በግል አጠቃቀም «ሙሉ» መድን ገባ እንበል። በገና ማግስት 15 ተሳላሚዎችን በዋጋ ጭኖ ሲወርድ ተሽከርካሪው ይገለበጣል፤ አንድ ሰው ይሞታል፣ ሦስት ይቆስላሉ። የመድን ድርጅቱ መርማሪ ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ላይ የሚያነበው የመጀመሪያው ነገር ተሳፋሪዎቹ ዋጋ መክፈላቸውን ነው። የአጠቃቀም ገደቡ ሲጠቀስ የሚቀረው የተሳፋሪዎቹ ካሳ ብቻ አይደለም፤ የራሱ የሚኒባሱ ጥገናም አብሮ ይቀራል። በጣሪያው ልክ ቢሰላ እንኳ የአራቱ ሰዎች ካሳ እስከ 160,000 ብር ይደርሳል፤ ጣሪያው ከተነሣ ደግሞ ወሰኑን የሚያበጀው ዳኛው ነው። ከግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን የሚገኝ ክፍያ ቢኖር እንኳ በራሱ ጣሪያ የታጠረ ነው። ባንኩ በፖሊሲው ላይ ተጠቃሚ ሆኖ ቢጻፍም የማይከፈል ካሳ አይጠቅመውም፤ ስለዚህ ብድሩን ከባለቤቱ ይጠይቃል። ባለቤቱ መጀመሪያውኑ ታክሲ ለመሥራት አስቦ «ለግል» ብሎ ሞልቶ ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር የመድን ውሉን ራሱን ያፈርሰዋል።

ይህ ሁሉ ሕጋዊውን ታክሲ የሚመለከት አይመስልም። ሆኖም በንግድ ሰሌዳና በስምሪት የሚሠራውም ባለቤት ሌላ ክፍተት አለበት። የንግድ ተሽከርካሪ ፖሊሲ ለኪራይ መጫንን መፍቀዱ ለተሳፋሪው ጉዳት ይከፍላል ማለት አይደለም። የተሳፋሪ ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ተቀጥላ ሽፋን ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ የመቀመጫው ብዛትና ለአንድ ሰው የሚከፈለው ወሰን ተጽፎ ካልተገኘ ሽፋኑ አልተገዛም ማለት ነው። ወሰኑ ለሰው 40,000 ብር፣ መቀመጫው 11 ቢሆን የአንድ አደጋ ሙሉ ወሰን 440,000 ብር ይሆናል። 15 ሰው ሲጫን አራቱ የተጻፈላቸው ቦታ የለም፤ ትርፍ መጫኑ ራሱ ሽፋኑን ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን መቻሉም ሳይዘነጋ።

በላስታ መንገድ ሌላም ልማድ አለ። ሾፌሮች በእግር የሚሄዱ ቄስ ወይም አሮጊት ሲያዩ ለነፍስ ብለው ያለ ዋጋ ይጭናሉ። ቁጥር 2089 እንዲህ ያለ ጥቅም የማይፈለግበት ጉዞ ላይም የባለቤቱን ያለ ጥፋት ተጠያቂነት ያነሣል፤ ጥፋት ከተረጋገጠ ግን ባለቤቱ ይከፍላል። በዚህ በኩል ሕጉ ከባላገሩ ደግነት ጋር ተስማምቷል ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው በመካከል ያለው ነው፦ «ለነዳጅ» ተብሎ የሚዋጣ ገንዘብ ዋጋ ነው ወይስ እርዳታ? ብሪታንያ በ1988 እ.ኤ.አ. የመንገድ ትራፊክ ሕጓ ከስምንት መንገደኛ በማይበልጥ ተሽከርካሪ ትርፍ ሳይፈለግ ወጪ መጋራት ለኪራይ እንደማይቆጠር ደንግጋለች። የዚህን ዓይነት መስመር በፖሊሲው ውስጥ የማያገኝ የላሊበላ ባለቤት መዋጮውን እንደ ዋጋ ቆጥሮ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በባለቤቶች ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። የአካባቢው ቱሪዝም በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ተዳክሟል፤ ዓመቱን ሙሉ የማይሠራን ተሽከርካሪ በሙሉ የታክሲ አረቦን መድን ግባ ማለት መድን አትግባ ከማለት ብዙም አይርቅም። የመድን ድርጅቶች ለገና ሰሞን የሚያገለግል፣ ለጥቂት ሳምንታት የአጠቃቀም መስመሩን የሚለውጥና የተሳፋሪ ኃላፊነትን የሚጨምር የአጭር ጊዜ ተቀጥላ ቢሸጡ አረቦኑን ከሥጋቱ ጋር ያስተካክላሉ። የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱም ጊዜያዊ የስምሪት ወረቀት ከመስጠቱ በፊት ከቦሎውና ከሦስተኛ ወገን ተለጣፊው ጋር ያንን ተቀጥላ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ሰነዱ በአማርኛ መጻፍ አለበት፤ ብዙ ፖሊሲዎች በእንግሊዝኛ የሚታተሙ በመሆናቸው ያችን አጭር መስመር ባለቤቱ የሚያነባት አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰው አስተርጓሚነት ነው።

እስከዚያው ድረስ ባለቤቱ ራሱ ማየት የሚችላቸው ሁለት ሰነዶች ናቸው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዓይነትና የፖሊሲው ሠንጠረዥ ላይ ያለው አጠቃቀም አንድ ካልሆኑ፣ ወይም የመቀመጫው ቁጥር ከተለያየ፣ ገና ከመድረሱ በፊት ወደ ወልድያም ሆነ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ በጽሑፍ ማስተካከያ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በቃል የተሰጠ «ችግር የለም» ከክርክር አዳራሽ አይደርስም።