ቦታና ቤት ከመግዛት አስቀድሞ የውሃን መንገድ ስለ መመርመር

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፉ የሚሄዱ ከተሞች ናቸው። ቡሬ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ የቤት መሥሪያ ቦታ ፈላጊው በዝቷል። ከተማ ሲሰፋ ደረቁና ከፍ ያለው ቦታ አስቀድሞ ይያዛል፤ በኋላ ለመጣው ሰው የሚተርፈው የወንዝ ዳር፥ የረግረግ ጫፍና የሸለቆ አፋፍ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ነገር ግን ቦታ ሲታይ የሚመረመረው ስፋቱና ለመንገድ ያለው ቅርበት ሲሆን፥ ውሃ በክረምት በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው።

የዚህ ቸልታ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ድሬዳዋ አሳይታለች። የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ በሚበዛው ወራት ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው በዳርቻው ቤት ሠርቶ፥ ገበያ አቁሞ ይኖር ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ግን ጐርፍ ሳይታሰብ ደረሰና ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ። ውሃው የተከማቸው ከከተማዪቱ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ስለዚህ የአንድ ቦታ አደጋ የሚለካው በዚያው ቦታ ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ ሳይሆን፥ ከበላዩ ባለው አገር ሁሉ ላይ በሚወርደው ዝናብ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህን በምዕራብ ጎጃም ምሳሌ አድርጎ ማስላት አያስቸግርም። አንድ ሰው በፍኖተ ሰላም ዳር፥ ከአንዲት ትንሽ ፈፋ አጠገብ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አገኘ እንበል። ፈፋዋ ወርዷ 2 ሜትር፥ ጥልቀቷ 1 ሜትር ነው፤ በበጋ ሲያዩዋት ጥጃ የሚሻገራት ናት። ከበላይዋ ያለውና ውሃውን ወደ እርስዋ የሚያፈሰው እርሻና ሰፈር 100 ሄክታር፥ ማለት በቀድሞው አለካክ 2 ጋሻ ተኩል ያህል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ በዚህ መሬት ላይ 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወድቃል። እኩሌታውን መሬት ቢጠጣው የቀረው 25,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲወርድ በየሴኮንዱ 7 ሜትር ኩብ ያህል ማለት ነው። ፈፋዋ ግን ውሃው በሴኮንድ 2 ሜትር ቢሮጥ እንኳ እስከ አፏ ሞልታ የምትችለው 4 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። የተረፈው 3 ሜትር ኩብ ከዳርቻዋ ወጥቶ የሚሄደው በአዲሱ ቤት ግቢ ነው። ከዚህም በላይ እርሻው ወደ ቆርቆሮ ጣራና ወደ ድንጋይ ንጣፍ በተለወጠ መጠን መሬቱ የሚጠጣው ስለሚያንስ፥ ዛሬ የበቃችው ፈፋ ከ10 ዓመት በኋላ ላትበቃ ትችላለች።

በዚህ ላይ የጎዳናው ነገር ይጨመራል። ከፍ ተደርጎ የተደለደለ መንገድ ለውሃ እንደ ግድብ ነው፤ ውሃው የሚያልፈው ከሥሩ በተቀበረው ቱቦ ወይም በትንሹ ድልድይ ብቻ ነው። ቱቦው በደለልና በጥራጊ የተዘጋ እንደ ሆነ ከመንገዱ በላይ ያለው ቤት በቆመ ውሃ ይዋጣል፤ የተከፈተም እንደ ሆነ ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ያለው ግቢ በኃይለኛ ውሃ ይሸረሸራል። ስለዚህ ገዥው ከቦታው ተነሥቶ በፈፋዋ ሽቅብ እስከ መነሻዋ፥ ቁልቁልም እስከሚቀጥለው ቱቦ ድረስ በእግሩ ሄዶ ማየት ይገባዋል።

ምልክቶችን ማንበብም ይቻላል። በዛፍ ግንድና በቍጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፥ በአሮጌ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ይናገራሉ። ቄጠማ፥ ፊላ ወይም ደንገል የሚበቅልበት መሬት በበጋ ቢደርቅም ረግረግ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ እንደ ሆነ በሚያዝያ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፥ በክረምትም ያብጣል፤ በእርሱ ላይ ያለ ጥልቅ መሠረት የቆመ ቤት ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጎረቤቱን ግድግዳ ማየት የራስን መሠረት እንደ ማየት ነው። ቦታን በጥርና በየካቲት ብቻ አይቶ መግዛት ግን እኩሌታውን ብቻ አይቶ መግዛት ነው። አካባቢው በዓመት ከሚያገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለ ሆነ፥ በነሐሴ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሄዶ ማየት ይሻላል።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን «እኛ እዚህ ስንኖር ጐርፍ አይተን አናውቅም» የሚለው ቃል በቂ ዋስትና አይደለም። በአማካይ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጐርፍ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 45 ያህል ነው። ሻጩ አለማየቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገዥው አለማየቱ ግን ዕጣ እንደ መጣል ነው። ሽማግሌን የሚጠይቅ ሰው «ጐርፍ አለን» ብሎ ሳይሆን «ውሃው ከሁሉ በበዛበት ክረምት እስከ የት ደርሶ ነበር» ብሎ በእጁ እንዲያሳየው ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገጠር የሚያሰጋው የመሬት መንሸራተት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን ከ200 የሚበልጥ ሰው የሞተው፥ አስቀድሞ በተናደው መሬት የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ ስለ ተያዘ ነው። ከአፋፉ በላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ፥ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነበሉ ዛፎች፥ በአዲስ ስፍራ የፈለቀ ምንጭና ከግርጌው ያበጠ መሬት ከታዩ ቦታው በምንም ዋጋ አይገዛም። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራ ቆሬን እንዳፈረሰው ያለው ይልቁንም የስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ሥጋት ስለ ሆነ፥ የምዕራብ ጎጃም ቤት ገዥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ውሃንና ቁልቁለትን ነው።

በመጨረሻም የሕጉ ነገር አይዘነጋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ስለ ደነገገ፥ ከገበሬ በስውር የተገዛ የከተማ ዳር እርሻ የጨረቃ ቤት ይሆናል እንጂ ርስት አይሆንም፤ ጐርፍ ቢወስደውም የሚጠየቅ የለም። ሕጋዊ ካርታ ያለውም ቢሆን ካርታው ወሰንና ስፋት እንጂ የውሃ ከፍታ ስለማያሳይ፥ በማዘጋጃ ቤት የከተማውን ፕላን አስወጥቶ ቦታው ለወንዝ ዳርቻና ለውሃ መውረጃ ከተከለለው ውስጥ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ በበጋ የምትታየው ጥጃ የምትሻገራት ፈፋ ማንንም አታስፈራም፤ ስፋቷና ጥልቀቷ የሚለካውም ገንዘቡ ከመቈጠሩ በፊት ነው።