ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን ያላፈሰሰ ያሸንፍ

የኩባያ ውሃ ቅብብል የምታውቁት ጨዋታ ነው። ልጆች በሰልፍ ይቆማሉ፣ ውሃው ከኩባያ ወደ ኩባያ እየተገለበጠ ይሄድና መጨረሻ ላይ ያለ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ውሃ ቁጠባን ለማስተማርም ጥሩ መንገድ ነው፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸለመው ቀድሞ የጨረሰው ቡድን መሆኑ ነው። ታዲያ ልጆቹ ምን ተማሩ? እየደፉ መሮጥን!

ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ውስጥ ታናናሾቻችሁን ልታጫውቱ ካሰባችሁ ሕጉን ቀይሩት። ስምንት ልጅ አሰልፉ፣ ለእያንዳንዱ ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ስጡ። 10 ሊትር ውሃ በ40 ኩባያ ተቀድቶ ይለፍ። አሸናፊው ባልዲው ውስጥ ብዙ ውሃ የተረፈለት ቡድን ይሁን።

ከዚያ ሒሳቡን ከልጆቹ ጋር ሥሩ። በስምንት ልጆች መካከል ሰባት ቅብብል አለ። በእያንዳንዱ ቅብብል የደረሰው ውሃ አንድ አሥረኛው ብቻ ቢፈስ፣ ከ10 ሊትሩ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው 5 ሊትር እንኳን አይሞላም። «እኔ እኮ ትንሽ ነው ያፈሰስኩት» ይላል ሁሉም፤ እውነቱን ነው። ግማሹ ውሃ ግን የለም። የመጨረሻውን ልጅ ፊት ያኔ እዩት።

ይሄ ልጅ ማን ነው? ጦሳ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ያለ ቤት ነው። መስመሩ ላይ ውሃ ሲባክን ግፊቱ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ቧንቧ ነው።

ጨዋታው እዚህ አያብቃ። በዚያው ኩባያ ወደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሂዱና ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። ኩባያው በ15 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 1 ሊትር፣ በቀን 24 ሊትር እየሄደ ነው ማለት ነው። አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ከሰልፉ መሃል ከትምህርት በፊት ቦኖ ተሰልፎ ጀሪካን የሚሸከም ልጅ ሊኖር ይችላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እሱን ስለ ውሃ ዋጋ ማስተማር ያስቃል። እሱ ያስተምር፤ እንዴት ሳይደፋ እንደሚይዝ ያሳይ። ደግሞም የመንገድ ዳር ቧንቧ ፈንድቶ ሲፈስ ጥፋቱን ልጆች ላይ አንጫን፤ ያንን የሚጠግነው አዋቂ ነው።

ባልዲው ውስጥ የተረፈውንስ? ችግኝ አጠጡበት። ደፍታችሁት ከሄዳችሁ ልጆቹ የሚያስታውሱት እሱን ነው።